ፍሬኑ አልገደለም፦ ስለ ድርጊትና ሐሳብ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ጎበዝ፣ ሕጉን እንዲህ በቀላሉ ያዙት። ፍሬን እምቢ ብሎ ሰው ከሞተ የገደለው ፍሬኑ ነው፤ ሹፌሩ ምንም አላደረገም። የሐሳብ ደረጃዎች አራት ናቸው፦ ዓላማ፣ ዕውቀት፣ ግድየለሽነትና ቸልተኝነት። የሰው ልብ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ስለሆነ ሹፌሩ ‹መግደል አልፈለግኩም› ካለ ዐቃቤ ሕግ ሌላ ማለት አይችልም። ስለዚህ የመኪና ነገር ሁሌም ቸልተኝነት ነው። ቸልተኝነት ደግሞ ቀላል ነው፣ በገንዘብ ያልቃል።»

ይህ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ከሹፌር ወደ ሹፌር ሲዞር ሰነበተ። የጻፈው ወንድማችን ሰው ለመርዳት ብሎ እንደጻፈው አልጠራጠርም። ግን ይህን አምኖ ፖሊስ ጣቢያ የሚገባ ሹፌር ይጎዳል፤ ይህን አምኖ ዝም የሚል የሟች ቤተሰብም ይጎዳል። ስለዚህ እንደ አጻጻፉ ቅደም ተከተል ልመልስ።

ስለ ፍሬኑ

የወንጀል ሕጋችን በ1996 ወጥቶ ከግንቦት 1997 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። አንቀጽ 23 ላይ ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ይላቸዋል። ሕጋዊው፣ ነገሩን የሚከለክልና የሚቀጣ አንቀጽ መኖሩ ነው። ግዙፋዊው በዓይን የሚታየው ክፍል ነው፤ የሕግ ተማሪዎች በላቲኑ አክተስ ሪየስ የሚሉት። ሞራላዊው ደግሞ ሰውየው ውስጥ የነበረው ነው፤ ሜንስ ሪያ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወንጀል የለም።

አንድ ምሳሌ ልፍጠርና እስከ መጨረሻው እሱን ይዘን እንሂድ። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ብሎኬት ጭኖ ከጅሬን ወደ ከተማ ሊወርድ ነው። ጠዋት ጋራዥ ገብቶ መካኒኩ ጎማውን ፈቶ አይቶለታል። «የኋላው የፍሬን ሸራ አልቋል፣ ጭነህ ቁልቁለት እንዳትወርድ» ብሎታል። ሹፌሩም «ዛሬን ልሥራና ነገ አመጣዋለሁ» ብሎ ወጣ። ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ ሰመጠበት። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ሞተች።

ሹፌሩ ምን አደረገ? መኪናውን አስነሳ። ጫነ። ቁልቁለቱን ጀመረ። ድርጊት ማለት ይኸው ነው። ድርጊት የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ እግሩ ምን ላይ እንደነበረ ብቻ አይደለም። ደግሞም አንቀጽ 23 የተከለከለውን ማድረግ ብቻ ሳይሆን ሕግ አድርግ ያለውን አለማድረግንም ድርጊት ይለዋል። ፍሬኑ የማይዝ መኪና ይዞ መንገድ ላይ መውጣት የተከለከለ ነው፤ ሰውየው ግን ወጣ።

ቀጥሎ አንቀጽ 24 አለ፣ የምክንያትና የውጤት ግንኙነት የሚባለው። ጥያቄው በነገሮች ተፈጥሯዊ አካሄድ ይህ ድርጊት ይህን ውጤት ያመጣል ወይ ነው። ሸራው ያለቀ ጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ መቆም ሲያቅተው የሚገርም ነገር የለም። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ሌላ ራሱን የቻለ፣ ብቻውን ሞቱን ሊያደርስ የሚችል ምክንያት መሀል ሲገባ ነው። ለምሳሌ መኪናው ሴትየዋ ጋ ሳይደርስ ገደል ተንዶባት ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር። የፍሬኑ እምቢታ ግን ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ሹፌሩ ራሱ ይዞት የወጣው ነው።

ስለዚህ ግዙፋዊው ክፍል ተሟልቷል። ይህ ግን ገና ግማሹ ነው። በዚህ ብቻ ወንጀለኛ ነው የሚልም ይሳሳታል፤ ምክንያቱም አንቀጽ 57 ጥፋት የሌለበት ሰው፣ ነገሩ ከዐቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ የደረሰበት ሰው አይቀጣም ይላል። ያው ሹፌር በዚያው ጠዋት ሸራውን አስቀይሮ፣ ዘይቱን አስሞልቶ፣ ሞክሮት ወጥቶ፣ ማንም ሊያየው በማይችል የፋብሪካ ስንጥቅ የተነሳ ቧንቧው ቢፈነዳበት? ሴትየዋ ሞታለች። ሐዘኑ ያው ሐዘን ነው። ወንጀል ግን የለም።

ስለ አራቱ ደረጃዎች

ወንድሜ፣ እነዚህ አራቱ የእኛ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች ተቋም ያወጣው ሞዴል ፒናል ኮድ ላይ ያሉ ናቸው። እዚያ ትክክል ናቸው። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም ተቀብለዋቸዋል። የእኛ ሕግ ግን የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው፤ የአሁኑም ሕግ በዚህ ጉዳይ የቆመው በዚያው የአውሮፓ መሠረት ላይ ነው።

በእኛ ሕግ ሳጥኑ ሁለት ብቻ ነው፦ አስቦ መሥራት፣ አንቀጽ 58፣ እና ቸልተኝነት፣ አንቀጽ 59። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሁለት ክፍል አለ። በ58 የመጀመሪያው ክፍል ሰውየው ውጤቱን ፈልጎ፣ አውቆ የሚያደርገው ነው፤ ቀጥተኛ ሐሳብ እንለዋለን። ሁለተኛው ክፍል ውጤቱን ባይፈልገውም ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ፣ ቢደርስም ይድረስ ብሎ የሚገባበት ነው። በ59 የመጀመሪያው ክፍል ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ፣ አይደርስም ብሎ ወይም በአግባቡ ሳያመዛዝን የሚገባበት ነው። የመጨረሻው ደግሞ ጭራሽ ያልታየው፣ ግን ማየት የነበረበትና የሚችል ሰው ነው።

ለምን ይህን ያህል እጨቃጨቃለሁ? የአሜሪካኑ ግድየለሽነት የሚባለው መሀል ላይ ያለ ራሱን የቻለ ሳጥን ስለሆነ ነው። አደጋው እየታየው የገባ ሰው እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። እኛ ጋ መሀል ላይ ሳጥን የለም። አደጋው እየታየው የገባ ሰው ወይ ወደ ላይ ይወጣል፣ አስቦ ገዳይ ይባላል፤ ወይ ወደ ታች ይወርዳል፣ በቸልተኝነት ገዳይ ይባላል። ጅማም ሆነ አዲስ አበባ ችሎት ላይ የሚያከራክረው ይህ አንድ መስመር ነው። አራት ደረጃ አለ ብሎ የሸመደደ ሰው መስመሩ ያለበትን ቦታ ጭራሽ አያየውም።

መስመሩ የት ነው?

ወደ ሹፌራችን እንመለስ። መካኒኩ ነግሮታል፤ ስለዚህ ያውቃል። «አላየሁም» ማለት አይችልም፣ የ59 የመጨረሻው ክፍል አልቋል። ሴትየዋን አያውቃትም፣ ሞቷንም አልፈለገም፤ ስለዚህ ቀጥተኛ ሐሳብ የለም። የቀረው መሀሉ ነው። አወቀ፣ ገባ። ግን ምን ብሎ ገባ?

አሁን ዝርዝሩን ተመልከቱ። ከላይ ሲነሳ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ እየያዘ ነው የወረደው። ረዳቱን «ድንጋይ አዘጋጅ፣ ካስቸገረን ጎማ ሥር ትወረውራለህ» ብሎታል። ጋቢና ውስጥ ራሱ ተቀምጧል። መኪናው ቢገለበጥ የመጀመሪያው ሟች እሱ ነው። ፔዳሉ ሲሰምጥበት የእጅ ፍሬን ስቧል፣ ጡሩምባ ነፍቷል፣ ወደ ዳገቱ ግንብ ሊያስጠጋው ሞክሯል። ይህ ሰው አደጋውን አውቆታል፤ ግን በዘዴ እወጣዋለሁ ብሎ በራሱ ላይ ተማምኗል። መተማመኑ ከንቱ ነበር፣ ጥፋቱም ከባድ ነው፤ ሆኖም ሞቷን አልተቀበለም። በእኔ አስተያየት ይህ አንቀጽ 59 ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል።

አሁን ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ልቀይር። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ፔዳሉ ገና ላይኛው መታጠፊያ ላይ አንዴ ሰምጦበት በመከራ ቆሟል። ረዳቱ ወርዶ «ጋሼ፣ በፈጠረህ እዚህ እናቁመው፣ ሰው አለ» ብሎታል። እሱ ግን «ብሎኬቱን ለአሥር ሰዓት ካላደረስኩ ገንዘቤን አላገኝም፤ ሰው ራሱን ይጠብቅ፣ የመጣው ይምጣ» ብሎ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፍሪ አድርጎ ለቀቀው። አንድ ገበያተኛ ሞተ።

መኪናው ያው ነው፣ ፍሬኑም ያው ነው፣ ቁልቁለቱም ያው ነው። እዚህም ማንንም መግደል አልፈለገም። ግን አሁን አደጋው ምናልባት የሚባል አይደለም፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት በዓይኑ አይቶታል። የሚተማመንበት ነገርም የለም፤ ማርሹን እንኳ ፈትቶታል። ሰውን ከአንድ ጉዞ ሒሳብ ጋር መዝኖ ሒሳቡን መረጠ። ይህ 58 ነው፤ ሁለተኛው ክፍል። አንቀጹም ከቸልተኝነት ወደ ተራ ግድያ፣ ወደ 540፣ ይሻገራል።

ይሄንን ለመለየት የሚረዳ አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። ጀርመናዊው የሕግ ሊቅ ራይንሃርድ ፍራንክ ያመጣው ነው። ሰውየው ውጤቱ በእርግጥ እንደሚደርስ ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ያደርገው ነበር ወይስ ይተወው ነበር? የመጀመሪያው ሹፌር ይተወው ነበር ማለት ይቻላል። ሁለተኛው አፍ አውጥቶ መልሱን ሰጥቷል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም ያልሆነን ነገር እንድንገምት ነው የሚጠይቀን። ሁሌም ከተጨባጭ ማስረጃ ጋር ነው የሚሄደው።

ሌላ ሊታለፍ የማይገባ ነገር ጊዜው ነው። ሐሳቡና ድርጊቱ አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. የካቲት 2016 ሁለት ወጣቶች ሌሊት መሀል ከተማ በመኪና ሲሽቀዳደሙ፣ አንደኛው አረንጓዴ በርቶለት የሚያልፍ አንድ የ69 ዓመት ሰው ገጭቶ ገደለ። የሥር ፍርድ ቤቱ አስበው ገድለዋል አለ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ2018 ፍርዱን ሻረው። የሥር ፍርድ ቤቱ ሐሳቡ የተፈጠረው መስቀለኛው መንገድ ውስጥ ሲገቡ ነው ብሎ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት ግን ምንም ቢያደርጉ ግጭቱ አይቀርም ነበር። የማይመለስ ነጥብ ካለፈ በኋላ «ሰው ልገድል ነው» ብሎ ማወቅ ሐሳብ አይባልም፣ ሰውየው ሊወስነው የቀረ ነገር የለምና። ጉዳዩ እንደገና ታይቶ ሰውየውን በገጨው ሹፌር ላይ የተሰጠው የግድያ ፍርድ በ2020 ጸና፤ በዚህኛው ዙር ሐሳቡ ቀደም ብሎ፣ ገና መቆም ሲችል እንደነበረ በማስረጃ ስለታየ ነው።

ይህንን ወደ ጅሬን መንገድ አምጡት። የመጀመሪያው ሹፌር ፔዳሉ ከሰመጠ በኋላ ሴትየዋን አይቷታል። እንደሚገጫትም አውቋል። ያ ዕውቀት አስቦ ገዳይ አያደርገውም። የሚመዘነው መኪናውን ለማቆም ምርጫ በነበረው ሰዓት የያዘው ሐሳብ ነው፤ ለሁለተኛው ሹፌር ያ ሰዓት መታጠፊያው ላይ የቆመበት ነው።

ስለ ሰው ልብ

ፈጣሪ ብቻ የሚያውቀው ነገር እንዳለ እኔም አምናለሁ። ችሎት ግን ልብ አይከፍትም፤ ልብ ውስጥ የነበረው በውጭ ጥሎት ያለፈውን ምልክት ነው የሚያነበው። ቃሉን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ቢሆንማ በዚህ አገር አስቦ መግደል የሚባል ወንጀል አንድም አይረጋገጥም ነበር። «ፈልጌ ነው» የሚል ስንት ሰው አለ?

በእኛ ምሳሌ ምልክቶቹ እነማን ናቸው? መካኒኩ ምን እንደተናገረና ሹፌሩ ምን እንደመለሰ። የረዳቱ ቃል። መኪናው ሲመረመር ማርሹ የት እንደተገኘ። የእጅ ፍሬኑ ተስቦ እንደሆነና አስፋልቱ ላይ የጎማ ምልክት መኖሩ። መሪው ወደ ሰው ነው ወይስ ወደ ግንብ የታጠፈው? የጭነቱ ሰነድ የሰዓት ግዴታ አለበት? እነዚህ አንድ ላይ ሲቀመጡ «አይደርስም ብሎ» እና «ቢደርስም ይድረስ ብሎ» ይለያያሉ።

የማያለያዩ ነገሮችም አሉ፣ ሰው ግን በብዛት የሚያወራው ስለእነሱ ነው። አደጋው ከደረሰ በኋላ ሮጦ መጥፋት የሚያሳየው ፍርሃትን ነው፤ ሁለቱም ዓይነት ሹፌር ሊሮጥ ይችላል። ማልቀስና ሬሳ ማንሳትም እንዲሁ፤ ጸጸት ከድርጊቱ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። «ጠላትነት የላቸውም፣ ለምን ይገድለዋል?» የሚለውም ብዙ ያሳስታል። ሽማግሌዎች ለጉማ ሲቀመጡም ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፣ መነሳቱም ተገቢ ነው። ለሕጉ ግን ምክንያት ሌላ፣ ሐሳብ ሌላ ነው። የሁለተኛው ሹፌር ምክንያት ገንዘብ እንጂ ጥላቻ አልነበረም። ጥላቻ አለመኖሩ ቀጥተኛ ሐሳብን ሊያርቅ ይችላል፤ «የመጣው ይምጣ» ማለቱን ግን አያጠፋም።

እዚህ ላይ ለሹፌሩ የሚጠቅመውም ይነገር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሹ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ነው ይላል፤ የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው። ማስረጃው ሁለቱንም እኩል የሚያሳይ ከሆነና ጥርጣሬው ካልጠራ፣ ሰውየው ወደ ዝቅተኛው፣ ወደ ቸልተኝነት ነው የሚወርደው። በ540 የተከሰሰ ሰው የተረጋገጠበት ቸልተኝነት ብቻ ከሆነም ፍርድ ቤቱ በዚያው መዝገብ በቀለለው አንቀጽ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል፤ ዐቃቤ ሕግ ከፍ አድርጎ ስለከሰሰ ብቻ ነጻ አይወጣም። ቃል ሲጠየቅ ደግሞ ያለመናገር መብት አለው፣ አንቀጽ 19 ላይ ተጽፏል። ከጓደኛ ስልክ የሸመደደውን አረፍተ ነገር ከማነብነብ ጠበቃ እስኪያገኝ ዝም ማለቱ ይሻለዋል።

ስለ «ሁሌም» እና ስለ ገንዘቡ

«ሁሌም» የሚለው ከላይ ባየነው ወድቋል። አንቀጽ 538 ግድያ በየትኛውም መሣሪያ ወይም ዘዴ ይፈጸም ግድያ ነው ይላል። መኪናም መሣሪያ ነው። ሹፌሩ መንገድ ዳር የቆመ ባለዕዳውን አይቶ መሪውን ወደ እሱ ቢያዞር ቀጥተኛ ሐሳብ ነው፤ ቀድሞ አቅዶ፣ አድብቶ፣ ልዩ ጭካኔና አደገኛነት በሚያሳይ ሁኔታ ከሆነ ደግሞ 539 አለ። እሱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው።

ቀላል ነው የተባለውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ተራ ግድያ፣ 540፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በቸልተኝነት መግደል 543 ውስጥ ሦስት እርከን አለው። የመጀመሪያው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው፤ ወንድማችን ያየው ይህንን ብቻ ይመስለኛል። ሁለተኛው እንደ ሐኪምና እንደ ሹፌር የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት፣ መቀጮም ይጨመራል። ሦስተኛው ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ሲሞት፣ ወይም ሰውየው በግልጽ የተጻፈን ደንብ ሆን ብሎ ሲጥስ፣ ወይም ጠጥቶ ራሱን በማያውቅበት ሁኔታ ውስጥ ሲከት ነው። እሱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

የመጀመሪያውን ሹፌራችንን አስታውሱት፣ ጥንቃቄ ያደረገውን፣ ግንብ ላይ ሊያስጠጋ የሞከረውን። እያወቀ ፍሬን የሌለው መኪና ነድቷል። ይህ ደንብን ሆን ብሎ መጣስ ነው። የሴትየዋን ሞት ግን አላሰበውም። ደንቡን አስቦ ጣሰ፣ ሞቱን በቸልተኝነት አደረሰ፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፣ ሦስተኛው እርከንም የተጻፈው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ዐቃቤ ሕግ በዚህ ከከሰሰው መነሻው 5 ዓመት ነው፤ ከ540 መነሻ ጋር እኩል። «አላሰብኩም» ብሎ ቢረታ እንኳ ወደ ቤቱ አይሄድም።

የደረጃው ልዩነት ዓመት ብቻ አይደለም የሚቀይረው። አንዳንዴ ወንጀል መኖር አለመኖሩን ራሱ ይቀይራል። አንቀጽ 59 ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲል ብቻ ነው ይላል። ያ አይሱዙ ሰው ሳይነካ የአንድ ነጋዴ ሱቅ ብቻ ደርምሶ ቢቆም፣ ንብረት ማውደም የሚያስቀጣው አስቦ ሲሆን ነው። ሹፌሩ ለደንቡ ጥሰት በትራፊክ ይጠየቃል፣ ካሣውንም በፍትሐ ብሔር ይከፍላል፤ በንብረት ማውደም ወንጀል ግን አይከሰስም። እንደ ሁለተኛው ሹፌር «ሱቁም ይፍረስ» ብሎ ለቅቆት ከሆነ ይከሰሳል።

አንድ ሰው ደግሞ ከጽሑፉ ጨርሶ ተረስቷል፦ የመኪናው ባለቤት። መካኒኩ የነገረው ለሹፌሩ ብቻ ላይሆን ይችላል። ባለቤቱ በስልክ «ሸራው ይደርሳል፣ ጭነቱን አድርስ» ብሎ ከሆነ እሱም ያውቅ ነበር፣ እሱም ወስኗል። መሪው ላይ አለመቀመጡ ብቻውን ነጻ አያወጣውም። የሟች ቤተሰብ ለመርማሪው ጋራዥ ውስጥ ማን ነበር፣ ስልክ የደወለው ማን ነው፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ብሎ ማስመዝገብ ይችላል። ረዳቱ ገና ከተማ ውስጥ እያለ፣ መኪናው ገና ሳይጠገን።